«ዝርዝር ነው እንጂ ፎርሙሌሽን አይደለም» ተብዬ ተመለሰልኝ፤ ምን ጎደለኝ?

ጠያቂ፦ የሳይካትሪ ተማሪ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ ያጋጠመው የ22 ዓመት ልጅ ደርሶኝ ኬዙን ለማቅረብ የባዮ-ሳይኮ-ሶሻል ሠንጠረዥ ሞላሁ። ባዮ ላይ አጎቱ ታሞ እንደነበርና ጫት እንደሚቅም ጻፍኩ። ሳይኮ ላይ ሳውዲ ታስሮ መመለሱን፣ ሶሻል ላይ አባቱ መሞቱን፣ ዕዳውንና ሥራ ማጣቱን። ቀስቃሹን «ጫት» አልኩ። ልጁ ከሐይቅ ወዲያ ካለ ገጠር ነው፤ ሁለት ወንዶች ስለ እሱ ሲያወሩ ይሰማል፣ «የዚያ አገር ፖሊስ በስልኬ ይከታተለኛል» ይላል። ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ሱፐርቫይዘሬ ግን «ይሄ ዝርዝር ነው እንጂ ፎርሙሌሽን አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ምን ላድርግ? (መለያ የሚሆነውን ቀይሬዋለሁ።)

ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ

እኔ ነገሩ ግልጽ ነው የሚመስለኝ። የጫት ሳይኮሲስ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ነው የሚሠራው፣ ዶፓሚን ያበዛል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ጫቱን ይተውና ይተኛ፣ በሳምንት ውስጥ ይለቀዋል። መድኃኒት ሳይጀምሩ የተሻላቸው ልጆች አይቻለሁ። ስለዚህ ቀስቃሹ ጫት ነው ማለትሽ ልክ ነው፣ ሱፐርቫይዘርሽ ምን እንደፈለገ አልገባኝም።

ሲስተር፣ ወልድያ (የሳይካትሪ ነርስ)

ስለ ካቲኖን ያልከው ልክ ነው ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ሳይጠየቅ ታልፏል። የቀደመው ጫቱ ነው ወይስ ሕመሙ?

እህቴ አብሽሪ፣ የጎደለሽ እሱ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ጊዜ የለም። አጎትየውም ጫቱም ዕዳውም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ማን ማንን እንዳመጣ አይታይም። ፎርሙሌሽን ሲነበብ ሦስት ነገር መመለስ አለበት። ከእኩዮቹ ሁሉ ለምን እሱ ታመመ? ለምን አሁን? ከጀመረው በኋላስ ለምን አልቆመም? የኛ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ይሞላሉ፣ ሦስተኛውን ይረሱታል። ሕክምናው ያለው ደግሞ እዚያ ጋ ነው።

አሁን ወደ እናቱ ተመለሽ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስትያቸው ስድስት ሳምንት ያሉሽ መጮህ ከጀመረበት ቀን ቆጥረው ይሆናል። የገጠር እናት በሳምንት አትቆጥርም። በበዓልና በእርሻ ጠይቂያቸው። ቡና ላይ አብሯቸው መቀመጥ የተወው ከአረፋ በፊት ነው በኋላ? ጤፍ ሲታጨድ ማሳ ወርዷል? ጫቱንም እንደዚሁ ጠይቂ። መቼ የየቀን ሆነ፣ መቼ ብቻውን መቃም ጀመረ? ከዚያ ወረቀት አጋድመሽ አንድ መስመር አስምሪ። ከመስመሩ በላይ ሕመሙን፣ ከታች ኑሮውንና ጫቱን ጻፊ። ጫት ያላገኘባቸው ቀናት ካሉ፣ ጠበልም ሆነ ሼህ ዘንድ ከርሞ ከሆነ፣ ያንን ለይተሽ ጠይቂ። እነዚያ ቀናት ብዙ ይናገራሉ።

ወንድም ከባቲ

እህቴን እንዲሁ አድርጓት ነበር። ከወለደች ሳምንት ሳይሞላት ልጇን አላውቀውም አለች፣ ግድግዳው ላይ ሰው አለ ትላለች፣ ማታ ማታ ይብስባታል። አስረን ነው የወሰድናት። ጤና ጣቢያ ደሟን ሲያዩት ወባ ነው አሉ። ታከመች፣ ዳነች፣ ደግሟት አያውቅም። እና ይሄን ልጅ ለምንድን ነው ዕድሜ ልክ መድኃኒት የምታስጀምሩት? ደሙን አሳዩት።

ሲስተር፣ ወልድያ

እህትህ እንኳን ዳነች። ዕድሜ ልክ ይውሰድ ያለ ሰው ግን እዚህ የለም። ጠያቂዋም መድኃኒት ሳይሆን ታሪኩን እንዴት እንደምትጽፍ ነው የጠየቀችን።

ያነሳኸው ግን ጠቃሚ ነው። ትኩሳት፣ ግራ መጋባት፣ ቀን ሻል ብሎት ማታ መባስ፣ የሌለ ነገር በዓይን ማየት፣ እነዚህ ካሉ መጀመሪያ የሚፈለገው አካላዊ ሕመም ነው። እህቴ፣ ልጁ ቀኑንና ያለበትን ያውቃል? ወራቱን ወደ ኋላ ይቆጥርልሻል? የሚጥል በሽታ ነበረበት? ጭንቅላቱን ተመቷል? ኤችአይቪና ቂጥኝ ተመርምሯል? ባዮ የሚለው ሳጥን ጫትና አጎት ብቻ ከያዘ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ደግሞ ድምፁ «ራስህን አጥፋ» ይለው እንደሆነ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም።

ጠያቂ

ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ ግን እናቱን በአረፋና በአጨዳ ስጠይቃቸው ሌላ ታሪክ ወጣ።

የተመለሰው ባለፈው ጥር ነው። ለደላላ ተብሎ በሬ ተሸጧል፣ የተበደሩትም አለ። ቡና ላይ መቀመጥ የተወው ከአረፋ በፊት ነው። እናቱ «አቦሉን ቆሞ ይጠጣና ይወጣል፣ ቶናና በረካ አያውቅም» አሉኝ። ጫቱ ያኔ በሳምንት አንዴ ነበር፣ የየቀን የሆነው መስከረም ላይ ነው። ልጁን ለምን አበዛኸው ስለው «እንዳልተኛ ነው፤ ከተኛሁ ይገባሉ» አለኝ። ድምፁ በደንብ የመጣው በአጨዳው ነው። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ አመድ ውስጥ ቀብሮታል። እኔንም ከማውራቱ በፊት «ስልክሽን ሸፍኝው» አለኝ፣ ነጠላዬን ጣል ሳደርግበት ነው የተናገረው።

ጂን ነው ተብሎ መጀመሪያ ቁርአን ተቀርቶበታል። ከዚያ ጎረቤት ጠበል ይሻለዋል ብላ ሁለት ሳምንት ከረመ። ጫት አልቀመሰም። እንቅልፉ ተስተካከለ፣ ድምፁ ግን አልጠፋም። ቀኑንም ቦታውንም ያውቃል፣ ወራቱን ወደ ኋላ ቆጥሯል፣ ትኩሳት የለውም፣ ኤችአይቪም ቂጥኝም ነጻ ነው። እስር ቤት ተደብድቧል፣ ጭንቅላቱን ስለመመታቱ ግን አልመለሰልኝም። ድምፁ አንዳንዴ «ሙት» ይለዋል፣ ላድርገው ብሎ አስቦ ግን አያውቅም።

አንድ የገረመኝ ደግሞ፣ «ጎረቤት ያወራብኛል» ያለው ውሸት አይደለም። አበዳሪው ደጃቸው ፊት ለፊት ነው የሚኖረው፣ እውነትም ያወራል።

ሲስተር፣ ወልድያ

አየሽ፣ ጫቱ ከሳጥን ሳጥን ዞረ። ቀስቃሽ ብለሽ የጻፍሽው አሁን በዋናነት ሕመሙን የሚያቆይ ሆነ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«የእናቱ ወንድም ለዓመታት ታሞ ስለነበር በቤተሰብ የመጣ ተጋላጭነት ሳይኖረው አይቀርም። በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ በሚጀምርበት ዕድሜ፣ ታስሮና ተደብድቦ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቤተሰቡ በእሱ ምክንያት ዕዳ ውስጥ ስለገባ ኀፍረት ተሰማውና ከቡናውም ከሰውም ራቀ። አበዳሪው በእርግጥ ስለሚያወራበት ጥርጣሬው የሚይዘው አገኘ፤ በእስር ያየው ደግሞ የጥርጣሬውን መልክ ሰጠው፣ የሚያሳድደው ፖሊስ ሆነ። ሌሊት ለመጠበቅ ሲል ጫት አበዛ፣ እንቅልፍ አጣ፣ በዚህ መሐል ድምፁ መጣ። አሁን የሚያቆየው ፍርሃት፣ ጫትና እንቅልፍ ማጣት እየተመጋገቡ መዞራቸው ነው፤ ዕዳውና ሕክምናው መዘግየቱም አሉበት። ጫት በሌለበት ሁለት ሳምንት ድምፁ አለመጥፋቱ ጫት ብቻውን እንዳልሆነ ይጠቁማል፣ አያረጋግጥም። እናቱ አልተወችውም፣ ከሐኪም ጋር ለመነጋገር ፈቃደኛ ነው፣ አእምሮው ትኩረቱን አላጣም።»

አንብቢውና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚሠራ ነገር ይወጣ እንደሆነ እዪ። ጫቱን የሚቅመው ለመጠበቅ ከሆነ «ጫት ተው» ማለት ብቻውን አይሠራም፣ ፍርሃቱ ሲቀንስ ነው የሚተወው። ለዕዳው ቅሬው ውስጥ ሰው ካለ አበዳሪውን ለማነጋገር ይጠቅማል፣ ግን ልጁ ሲፈቅድ ብቻ። ሸኽየውንም ጠበል የወሰደችውንም ጎረቤት አትቃወሚ። ከጠበሉ ጋር መድኃኒቱም ይቀጥል በያቸው።

መድኃኒቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ልጅ የጠፋብን በዚህ ነው። ወጣት ወንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሃሎፔሪዶል ሲበዛበት በቀናት ውስጥ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል። ቤተሰቡ «ጂኑ ተቆጣ» ይላል፣ በዚያው ይቀራሉ። ሃሎፔሪዶል ከሆነ ከ1.5 እስከ 3 ሚሊግራም ይጀመር፣ ሪስፔሪዶንም ቢሆን ከዝቅተኛው። ያም ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል እናቱ ከመሄዳቸው በፊት «አንገቱ ከተጠመዘዘ የመድኃኒቱ ነው፣ የሚያስለቅቅ መርፌ አለን፣ ወዲያው አምጡት» ተብለው ይሂዱ።

ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ

ቅደም ተከተሉን አላየሁትም ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ትንሽ ነው ባይ ነኝ። በቀላሉ የማይለቃቸው አሉ።

ሲስተር፣ ወልድያ

እውነት ነው፣ ጫት ካቆመ አንድ ወር አካባቢ እስኪሞላው በሩን አልዘጋም። ለዚህ ነው «አያረጋግጥም» ያልኩት። ከጫቱ በፊት ከሰው መራቁ ግን ወደ ሌላው ወገን ያጋድለኛል።

ሬዚደንት ሐኪም

እኔ የምለየው እዚያ ላይ ነው። ከአረፋ በፊት ቡና መተዉን የሕመሙ ጅማሬ ካላችሁ ስድስት ወር አለፈው፣ ምርመራው ወደ ስኪዞፍሬኒያ ይሄዳል። ባዶ እጁን የተመለሰ፣ ዕዳ ያለበት ልጅ ከሰው ቢሸሽ ግን በሽታ ነው ለማለት እቸገራለሁ። ኀፍረት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ድብርት ሊሆን ይችላል። የእስር ቤቱ ነገር ሌሊት በቅዠት እየተመለሰበትም እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እኔ ብሆን ለጊዜው «የመጀመሪያ ሳይኮሲስ» ብዬ እይዘውና ከወር በኋላ አየዋለሁ።

ሲስተር፣ ወልድያ

ስሙን አለመቸኮሉ ላይ እስማማለሁ። መራቁን ግን ኀፍረት ብቻ አልለውም፣ የገዛ እናቱን ቡና መጠርጠር ከጀመረ ሌላ ነው። እህቴ፣ ያኔ ቡናው ላይ ለምን እንደማይቀመጥ ምን አለ? አፍሮ ነው ወይስ ፈርቶ?

ጠያቂ

አልጠየቅኩትም። ሐሙስ ከእናቱ ጋር ይመጣል። እሱንም፣ ቅዠቱንም፣ ጭንቅላቱን መመታቱንም ለብቻው አድርጌ እጠይቀዋለሁ፣ ስልኬን ውጭ ትቼ።