የድምፅ አውታር ኖዱል ዝም በማለት ይድናል?

መምህርት ከደሴ፦ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። 60 ተማሪ አለኝ። ድምፄ ከሻከረ ሁለት ወር አለፈው። ጠዋት ደህና ይሆንና ከሰዓት ይዘጋል። ከአንገት በላይ ሐኪም በካሜራ አይቶ «ሁለቱም የድምፅ አውታሮች ላይ ኖዱል አለ፤ ድምፅሽን አሳርፊ» አለኝ። ለስንት ጊዜ? ኦፕሬሽንስ ያስፈልገኛል?

ጋሽ ታዴ፦ አይዞሽ ልጄ። ሁለት ሳምንት ጭራሽ አትናገሪ። የግድ ከሆነ በሹክሹክታ። ዝንጅብል በማር አፍልተሽ ጠጪበት፣ ያጥበዋል።

የድምፅ ቴራፒስት፦ ጋሽ ታዴ፣ ማሳረፉ ደግ ነው። ሹክሹክታው ግን ይቅር። ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ ጉሮሮውን ይጨመድዳል፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ ማውራት ይሻላል። ዝንጅብሉም ጉሮሮን ደስ ይለዋል እንጂ አውታሩ ጋ አይደርስም። የምንውጠው በሌላ ቱቦ ነው የሚወርደው።

እህቴ፣ ሴት ስታወራ አውታሮቿ በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። ስትጮህ ግጭቱ ይበረታል፤ ዶማ እንደለመደ መዳፍ ያ ቦታ ይደድራል፤ ኖዱል የሚባለው ይሄ ነው። ዝም ስትዪ እብጠቱ ይቀንሳል። ሰኞ ገብተሽ እንደ ድሮው ከጮኽሽ ግን ይመለሳል። ስለዚህ ዋናው ሕክምና አነጋገርሽን የሚያርመው የድምፅ ቴራፒ ነው። ኦፕሬሽን የሚታሰበው እሱ በደንብ ተሞክሮ ካልሠራ ነው።

እስከዚያው ይህን ሞክሪ። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቢ። ከንፈርሽን ግጥም አድርገሽ «ኡ» እያልሽ ንፊ። አረፋው ሳይቆራረጥ ይውጣ። ንዝረቱ ከንፈርሽና ጉንጭሽ ላይ ከተሰማሽ ልክ ነሽ። ጉሮሮሽ ጥብቅ ካለ ኃይል አብዝተሻል፣ ቀንሺ። ሲለምድሽ ድምፁን ከወፍራም ወደ ቀጭን ቀስ ብለሽ ውሰጂው። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በቀን ደጋግመሽ፣ በተለይ ከክፍል በፊትና በኋላ።

ዘማሪው፦ እኔም ኖዱል ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው እሁድ ከፍ ያለውን ስይዝ ድምፄ በአንዴ ጠፋ። ስትሮውን ልጀምር?

የድምፅ ቴራፒስት፦ ወንድሜ፣ አንተ አትጀምር። ኖዱል ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። በአንዴ የጠፋ ድምፅ አውታሩ ላይ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ፍጹም ዝምታ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ነው። መዝሙሩን አቁምና ቶሎ በካሜራ ታይ።

ቲቸር ከአዳማ፦ እኔን ያዳነኝ ወገብ ላይ የሚታሰር ማይክ ነው። ክፍሉን ጸጥ ለማሰኘትም አጨበጭባለሁ እንጂ አልጣራም።

መምህርት ከደሴ፦ ማይክ ጎረቤት ክፍል አይረብሽም?

ቲቸር ከአዳማ፦ ድምፁ በጣም ሲከፈት ይረብሻል። እኔ ዝቅ አድርጌ ነው የምጠቀመው። የእናንተ ግድግዳ ስስ ከሆነ ግን እንጃ።

መምህርት ከደሴ፦ እሺ፣ እሞክረዋለሁ። እዚህ ቴራፒስት አላገኘሁም። በስልክ ይሆናል? መሻሉንስ በምን አውቃለሁ?

የድምፅ ቴራፒስት፦ በቪዲዮ ይሆናል፣ መጀመሪያ የካሜራውን ውጤት ላኪልኝ። ስድስት ስምንት ሳምንት ስጪው። የከሰዓቱን ድምፅሽን ተከታተዪ፤ የሚዘጋበት ሰዓት እየዘገየ ከሄደ እየሠራ ነው። ካልሆነ በካሜራ ድጋሚ ይታያል። መዋጥ ካስቸገረሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደም ካሳለሽ ግን ሳምንት አትቁጠሪ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂጂ።