የዶላር ብድሬን ወደ አገር ውስጥ ገንዘብ ላዙረው ወይስ ልተወው?

ሰላም ለሁላችሁ። 20,000 ዶላር በዓመት 7 በመቶ ወለድ ተበድሬ በየወሩ 500 ዶላር እከፍላለሁ። ደመወዜ ግን በአገር ውስጥ ገንዘብ በወር 60,000 ነው። ስበደር አንድ ዶላር በ40 ይመነዘር ስለነበር ክፍያው የገቢዬ ሲሶ ነበር። አሁን ምንዛሪው 60 ገብቶ ግማሹን ይወስዳል፤ ደመወዜ አልተነቃነቀም።

ይበልጥ የሚያናድደኝ የዋናው ዕዳ ነገር ነው። ከፍዬ ከፍዬ 14,000 ዶላር አድርሼዋለሁ። በአገር ውስጥ ገንዘብ ሲሰላ ግን መነሻው 800,000 የነበረው ዕዳ ዛሬ 840,000 ሆኗል!

አበዳሪዬ ቀሪውን በዛሬው ምንዛሪ ወደ አገር ውስጥ ገንዘብ ላዙርልህ ብሎኛል፤ ወለዱ 18 በመቶ፣ የቀረው ጊዜ 31 ወር። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 34,000 ገደማ ይወጣል፤ ማለትም ዛሬውኑ 4,000 ይጨምርብኛል። 1.18ን ለ1.07 ሳካፍል ዶላር በየዓመቱ በአማካይ ከ10 በመቶ በላይ ከተወደደ ማዞሩ ያዋጣል የሚል ውጤት አገኘሁ።

ስሌቱ ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ሲሄድም ይሠራል? የምንዛሪው ጭማሪ ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ቢመጣ፣ በመጀመሪያው ወር ወይም በመጨረሻው መምጣቱ ልዩነት አለው መሰለኝ። ዶላር 80 ቢገባ ክፍያው 40,000 ይሆናል፤ ያንን አልችለውም። ግማሹን ብቻ ያዞረ ሰው ካለ፣ እንዴት እንዳሰላው ቢነግረኝ አመሰግናለሁ።