20 ጊጋዬን የጨረሰው የትኛው አፕ ነው?

ከጂዳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ወር 29 ማታ የ20 ጊጋ ጥቅል ገዝቼ ነበር፤ ዛሬ ገና በ22 «አልቋል» የሚል መልእክት መጣልኝ። የምሠራበት ቤት ዋይፋይ የለኝም፣ ሁሉም ነገር በሲሜ ነው። የሳምሰንግ ስልኬን የዳታ ገጽ ስክሪንሾት ልኬያለሁ፣ ከላይ 18.64 GB ይላል። ካልታያችሁ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ቲክቶክ 6.82 GB፣ ዩቲዩብ 4.15 GB፣ ኢሞ 3.47 GB፣ ቴሌግራም 1.96 GB፣ ፌስቡክ 920 MB፣ ዋትስአፕ 410 MB፣ ክሮም 275 MB፣ ፕሌይ ስቶር 188 MB። በካልኩሌተር ስደምረው 1809.4 መጣ። ምን ማለት ነው? ካምፓኒው ዳታዬን እየወሰደብኝ ይሆን?

ከሪያድ፦ እህቴ፣ ኢሞ ነው። ቪዲዮ ደውለሽ ከቤተሰብ ጋር ስታወሪ ዳታው ውኃ ሆኖ ይፈሳል። አጥፊው፣ ትገላገያለሽ።

ከጂዳ፦ ወንድሜ፣ ልጄን የማየው በእሱ ብቻ ነው። እሱን ማጥፋት አልችልም።

ከፍራንክፈርት፦ እህቴ፣ ኢሞን አትንኪው። መጀመሪያ ድምሩን እናስተካክል። 1809.4 የመጣው ጊጋውና ሜጋው አንድ ላይ ስለተደመረ ነው። ከቁጥሩ ጎን ያለውን ፊደል እያየሽ ለየብቻ ደምሪ። ከላይ ያሉት አራቱ በጊጋ ናቸው፣ 16.40 ይመጣሉ። የታችኞቹ አራቱ በሜጋ ናቸው፣ ድምራቸው 1793 ሜጋ ነው። ለ1000 ስታካፍይው 1.79 ጊጋ ይሆናል። በአጠቃላይ 18.19 ጊጋ ማለት ነው። ከላይ ከተጻፈው 18.64 ጋር ያለው 0.45 ልዩነት ስክሪንሾቱ ላይ ያልገቡት ትንንሽ አፖችና ራሱ ስልኩ የተጠቀመው ነው፤ ገጹን ወደ ታች ብትስቢው ታገኛቸዋለሽ።

አሁን ማን እንደበላው ግልጽ ነው። ቲክቶክ ብቻውን ከሲሶው በላይ ወስዷል። ከዩቲዩብ ጋር ሲደመር 10.97 ጊጋ፣ ከግማሽ በላይ ነው። ኢሞ ሦስተኛ ነው፣ ግን የቲክቶክን ግማሽ ያህል ነው። ከልጅሽ ጋር የምታወሪውን ሳትነኪ መቀነስ የምትችይው እነዚያን ሁለቱን ነው። ቲክቶክ ቅንብሩ ውስጥ Data Saver አለው፣ አብሪው። ዩቲዩብም በሞባይል ዳታ ሲሆን ጥራቱን ዝቅ እንዲያደርግ ማዘዝ ይቻላል።

ከቴላቪቭ፦ የኔም ስልክ እንደዚህ ሞልቶ አስቸግሮኝ ነበር። የቴሌግራምን ካሽ ሳጠፋው ብዙ ቦታ ተለቀቀልኝ። አንቺም ሞክሪው።

ከፍራንክፈርት፦ እሱ የስልኩን ማስቀመጫ ነው የሚያቀለው፣ ዳታን አይቆጥብም። እንዲያውም የጠፋውን ቪዲዮ መልሳ ስትከፍተው እንደገና ይወርዳል፣ ዳታው ሁለቴ ይቆረጣል። ይልቅ እህቴ፣ እዚያው ገጽ ላይ ቴሌግራምን ንኪው። Foreground እና Background የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ። ምን ይላሉ?

ከጂዳ፦ የመጀመሪያው 310 MB፣ ሁለተኛው 1.65 GB ይላል።

ከፍራንክፈርት፦ ይኸውልሽ፤ አብዛኛው የሄደው አንቺ ሳትከፍቺው ነው። ብዙ ግሩፕና ቻናል ውስጥ ካለሽ የሚላከው ቪዲዮ ሁሉ በራሱ ይወርዳል ማለት ነው። ቴሌግራም ውስጥ Data and Storage ግቢና When using mobile data የሚለውን አጥፊው። ከዚያ በኋላ የነካሽው ብቻ ይወርዳል።

ከዋሽንግተን፦ እኔ አይፎን ነው ያለኝ። Current Period 412 GB ይላል! በአንድ ወር ይህን ያህል እንዴት ይሆናል?

ከፍራንክፈርት፦ የአንድ ወር ላይሆን ይችላል። አይፎን ቆጠራውን በየወሩ በራሱ አይጀምርም። ገጹ መጨረሻ ላይ Last Reset የሚለውን ቀን እይ፣ ስልኩን ከገዛህ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እዚያው Reset Statistics ብለህ ጥቅልህ በሚታደስበት ቀን አዲስ ጀምር።

ከሪያድ፦ እሺ፣ ኢሞ ላይ ተሸነፍኩ። ግን እሷ የገዛችው 20 ነው፣ ስልኩ የሚለው 18.64 ነው። 1.36 ጊጋ የት ገባ? ካምፓኒው አይደለም ትላለህ?

ከፍራንክፈርት፦ አይደለም ብዬ አልምልም። ግን የሳምሰንግ ቆጠራ ሌላ ቀን ካልታዘዘ ከወሩ 1 ነው የሚጀምረው፣ እሷ የገዛችው ደግሞ 29 ማታ ነው። 29 ማታና 30 የተጠቀመችው ስክሪንሾቱ ውስጥ የለም። በቀን ወደ 850 ሜጋ እየተጠቀመች ስለነበር ክፍተቱን ሊሞላው ይችላል። እህቴ፣ Billing cycle and data warning ግቢና መጀመሪያ ቀኑን አዲሱን ጥቅል የምትገዢበት ቀን አድርጊው፤ ያኔ ከካምፓኒው ቁጥር ጋር በትክክል ማነጻጸር ትችያለሽ። የዚያን ጊዜም በሰፊው ከተለያየ ስክሪንሾቱን ይዘሽ ጠይቂያቸው።

ከጂዳ፦ ነገ ነው የምገዛው፣ 23 አድርጌዋለሁ። የቴሌግራሙንም አጥፍቻለሁ። ዩቲዩብ ላይ ግን መዝሙር ስክሪኑን ሳላይ ነው የማዳምጠው፤ ድምፁን ብቻ ማድረግ ይቻላል ወይስ ቪዲዮውም አብሮ ይወርዳል?