ሦስተኛው ኢሜይል ላይ ያገኘሁትን ልንገራቸው ወይስ ልያዘው?

የምሸጠው የዕቃ ክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው። በኢንተርኔት የሥራ ልብስና ጫማ ለሚሸጥ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ሁለት ኢሜይል ላክሁ። መልስ የለም። ተመልሶ የመጣብኝም ስለሌለ አድራሻው ትክክል ይመስለኛል።

የመጀመሪያው አራት አንቀጽ ሙሉ ስለ እኛ ያወራል። ሁለተኛው ከአምስት ቀን በኋላ «ኢሜይሌን አይተውት ይሆን?» ከማለት አላለፈም። አሁን ሳነበው እኔም አልመልስለትም ነበር።

ለሦስተኛው ግን አዲስ ነገር አለኝ። ድረ ገጻቸው ላይ 20 ዕቃዎችን ለማዘዝ ሞከርኩ። 6ቱ ገጹ ላይ «አለ» ይላሉ፤ ክፍያ ጋ ስደርስ «አልቋል» ይመጣል። ስድስቱም በተለያየ የመጠን ቁጥር የሚሸጡ ናቸው። ግምቴ ገጹ የሁሉንም ቁጥር ክምችት ደምሮ ያያል የሚል ነው። 42 ቁጥር ቢያልቅም 39 እስካለ ድረስ «አለ» ይላል። ክፍያው ላይ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻው ይታያል። ይህን የራሳቸው ባለሙያ፣ ያለ እኛም ቢሆን፣ ሊያስተካክለው ይችላል።

ረቂቄ አምስት መስመር ነው፦ የስድስቱ ዕቃዎች ስም፣ ያየሁት ነገር፣ መንስኤው ይሆናል የምለው። ቀጠሮ አልጠየቅሁበትም። አለቃዬ ግን «መንስኤውን አትንገር፣ 15 ደቂቃ ስጡኝና ላሳያችሁ በል» አለኝ። ለእኔ ይህ ማጥመጃ ይመስላል። ሁለቴ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ለማጥመጃ ጊዜ ያለው አይመስለኝም። በሌላ በኩል ሁሉንም ከነገርኩት ለምን ይደውልልኛል?

እናንተ ብትሆኑ መንስኤውን ኢሜይሉ ላይ ትጽፉታላችሁ ወይስ ለስልኩ ታቆዩታላችሁ?