«በ12 ወር ያለ ወለድ» ልውሰድ ወይስ በጥሬ ገንዘብ በቅናሽ?

ጥያቄ (ላፕቶፕ ፈላጊ)

ለሥራ የሚሆነኝ ላፕቶፕ ልገዛ ነው። የተለጠፈበት ዋጋ 24,000 ነው። ሻጩ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። አንደኛው በየወሩ 2,000 እየከፈልኩ በ12 ወር መጨረስ ነው፤ ወለዱ ዜሮ ነው ይላል። ሌላው ዛሬውኑ በጥሬ ገንዘብ ከፍዬ 10 በመቶ ተቀንሶልኝ በ21,600 መውሰድ ነው። የቆጠብኩት 25,000 አለኝ። ወለድ የሌለው ብድር ከየት ይገኛል ብዬ ወደ ወርሃዊው አዘንብያለሁ፤ ሆኖም አንድ ነገር ከንክኖኛል። የምሳሳተው የት ላይ ነው?

መልስ (ቁጥር ወዳድ)

መከንከንዎ ትክክል ነው። በወርሃዊው ሲወስዱ 2,400 ይጨምራሉ። ይህ ለ21,600 ሲካፈል በዓመት 11 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ወለዱ 11 በመቶ ነው ማለት ነው። ገንዘብዎን 12 በመቶ የሚከፍል ቦታ ማስቀመጥ ከቻሉ ወርሃዊውን ይውሰዱ፤ ካልቻሉ በጥሬ ገንዘብ ይግዙ።

መልስ (የቀድሞ የብድር ሠራተኛ)

ቁጥር ወዳድ መነሻውን በትክክል ይዘውታል፤ 2,400 ስሙ የተቀየረ ወለድ ነው። 11 በመቶ ያሉት ግን ከእውነተኛው ግማሹ ነው። ምክንያቱም ጠያቂው 21,600ውን ዓመቱን ሙሉ ይዘው አይቆዩም። በየወሩ ይመልሳሉ፤ በ6ኛው ወር እጃቸው ላይ የሚቀረው የሰው ገንዘብ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ክፍያው ግን ሙሉውን ለዓመት እንደያዙት ያህል ተቆጥሮባቸዋል።

ይህን ያለ ቀመር ለማየት እንዲህ አድርገው ያስቡት። 21,600ውን ላፕቶፑ ላይ ከማዋል ይልቅ ባዶ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡትና በየወሩ 2,000 እያወጡ ለሱቁ ይክፈሉ። ባንኩ ምንም ወለድ ባይከፍልዎ በ10ኛው ወር 1,600 ብቻ ይተርፋል። ለ11ኛው ወር 400 ይጎድልዎታል፤ ለ12ኛው ሙሉው 2,000 ይጎድላል። ጎደሎው 2,400 ነው። ይህ ጎደሎ እንዳይፈጠር፣ ማለትም ሒሳቡ በመጨረሻው ክፍያ ላይ ልክ እንዲያልቅ፣ ባንኩ በዓመት ወደ 20 በመቶ ሊከፍልዎ ይገባል። እንግዲህ «ዜሮ» የተባለው ብድር ዋጋ 20 በመቶ ነው።

በኮምፒውተር የሠንጠረዥ ፕሮግራም ማረጋገጥ የፈለገ ይህን ይጻፍ፦

```
=RATE(12,-2000,21600)*12
```

መልሱ 0.199 ገደማ ይመጣል።

አንድ ጥያቄ ግን ለጠያቂው አለኝ። የመጀመሪያው 2,000 የሚከፈለው ዕቃውን በሚወስዱበት ቀን ነው ወይስ ከወር በኋላ? በዕለቱ ከሆነ የተበደሩት 19,600 ብቻ ነው፤ የሚቀሩትም 11 ክፍያዎች ናቸው። ተጨማሪው ያው 2,400 ሆኖ ሳለ ወለዱ ወደ 24 በመቶ ይወጣል። ሰው ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ውል ላይ ግን በመጀመሪያ የማነበው እርሱን ነው።

መልስ (የሦስት ልጆች እናት)

እኔ እንዲህ ባለው ነገር ተቃጥያለሁና ተጠንቀቁ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን በ«ዜሮ ወለድ» ወስጄ 10 ወር ሙሉ በሰዓቱ ከፈልኩ። በ11ኛው ወር ልጄ ታማ ስሯሯጥ በ4 ቀን ዘገየሁ። አበዳሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ወለድ በሙሉ አስቦ አንድ ላይ ላከልኝ። ወለዱ ዜሮ ሳይሆን ተደብቆ የሚጠብቅ ነበር። ዜሮ የሚባል ነገር አትመኑ።

መልስ (የቀድሞ የብድር ሠራተኛ)

እህቴ፣ የደረሰብዎ እውነት ነው፤ ግን ሌላ ዓይነት ውል ነው። በእርስዎ ውል ወለዱ በመዝገብ እየተቆጠረ ቆይቶ የክፍያው ሁኔታ ሲጣስ በአንድ ጊዜ ይጫንብዎታል። በጠያቂው ውል ግን ወለዱ አስቀድሞ ዋጋው ውስጥ ገብቷል። በሰዓቱ ቢከፍሉም ባይከፍሉም ተከፍሏል። ከዚህ የሚመጣ አንድ መዘዝ አለ፦ በ4ኛው ወር ገንዘብ ቢያገኙና ቀሪውን 16,000 በአንድ ጊዜ ልዝጋ ቢሉ፣ ቅናሽ የማግኘት መብት የለዎትም። ውሉ ወለድ የለበትም ስለሚል የሚቀነስ ወለድም የለም። ወለዱ በግልጽ የተጻፈ ተራ ብድር ቢሆን ኖሮ ቀድሞ መዝጋት ያተርፍዎ ነበር።

ሁለቱም በአንድ ውል ውስጥ ሊኖሩ ስለሚችሉ ግን «ክፍያ ቢዘገይ ምን ይሆናል» የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ፤ በዚህ የእህቴ ምክር ተገቢ ነው።

መልስ (ባንኮኒ ጀርባ የቆየ)

ዕቃ በመሸጥ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን ልንገራችሁ። ሱቁ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አያበድርም። አበዳሪ ድርጅት አለ። ደንበኛው በ12 ወር 24,000 ሲፈርም ድርጅቱ ለሱቁ ሙሉውን አይከፍልም፤ የራሱን ድርሻ ቆርጦ ቀሪውን ወዲያውኑ ይሰጣል። እኛ ስንሠራ የሚቆረጠው እንደ ወሩ ርዝመት ይለያይ ነበር፤ ወሩ በረዘመ ቁጥር ቁርጡ ይበዛል። ስለዚህ አለቃችን ዋጋ ሲለጥፍ ከቁርጡ በኋላ የሚፈልገውን አስልቶ ነበር። ለጥሬ ገንዘብ ገዢ «ቅናሽ» የምንለው ያንኑ ለአበዳሪው የሚሄደውን ነው። ለገዢው ስንሰጠው ሱቁ ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ገንዘቡ ሳይውል ሳያድር ስለሚገባ ደስ ይለን ነበር።

ይህን ካወቃችሁ ሁለት ነገር ትጠይቃላችሁ። ቅናሽ ያልተለጠፈበት ቦታም ቢሆን «አሁን ብከፍል በስንት ይሰጡኛል?» በሉ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ አለ፣ ሳይጠየቅ ግን አይነገርም። ከዚያ የዚያኑ ዕቃ ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ በወርሃዊ ክፍያ የማይሸጥ ሌላ ሱቅ ጠይቁ። እዚያ 20,800 ቢሆን 10 በመቶ ቅናሹ ራሱ ማስመሰያ ነበር ማለት ነው፤ የብድሩም ትክክለኛ ዋጋ 2,400 ሳይሆን 3,200 ይሆናል።

መልስ (የቀድሞ የብድር ሠራተኛ)

ባንኮኒ ጀርባ የቆየው ያሉት በሌላ አገርም ይታያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በዕቃ መግዣ ብድር ላይ «ዜሮ በመቶ» የሚለውን አሠራር ከልክሎ ለባንኮች የጻፈው በዚሁ ምክንያት ነበር። ወለዱ በአገልግሎት ክፍያ ስም ተሸፍኖ ወደ ደንበኛው ይተላለፋል የሚል ነው።

መልስ (ነጋዴው)

ሁላችሁም ገንዘብ እጅ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ይመስል ታወራላችሁ። እኔ ሸቀጥ አዟዙሬ በወር 5 በመቶ አተርፋለሁ። 20 በመቶ ለእኔ ርካሽ ብድር ነው፤ ያለ መያዣና ያለ ምልልስ ሌላ ማን ይሰጠኛል? በዚያ ላይ ዋጋ በየጊዜው እየናረ ከዓመት በኋላ የምከፍለው 2,000 የዛሬውን 2,000 አያህልም።

መልስ (ቁጥር ወዳድ)

በ11 በመቶው ተሳስቻለሁ፤ ራሴ አስልቼ አየሁት። ነጋዴው ግን የዋጋ ንረቱን ለአንድ ወገን ብቻ የቆጠሩት ይመስለኛል። ጠያቂው ገንዘቡን በቁጠባ ሒሳብ የሚያስቀምጡ ከሆነ ያስቀመጡትም አብሮ ይረክሳል። የሚያተርፉት ገንዘቡ ሥራ ላይ ከዋለ ብቻ ነው።

መልስ (ነጋዴው)

ሥራ ላይ ያውሉታ! ላፕቶፑም ለሥራ አይደል የተባለው?

ተጨማሪ (ላፕቶፕ ፈላጊ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተመልሼ ሱቁ ሄድኩ። የመጀመሪያው ክፍያ ከወር በኋላ ነው። «አሁን ብከፍል» ስል ሻጩ 21,600 ላይ ጸና፤ ሌላ ሱቅም ከዚያ ያነሰ አላገኘሁም። ጭንቀቴ በጥሬ ገንዘብ ከገዛሁ 3,400 ብቻ የሚቀረኝ መሆኑ ነው። ይህን ስነግረው ሌላ ሐሳብ አመጣ፦ በ3 ወር ከጨረስኩ 5 በመቶ ይቀንስልኛል። ያ 22,800 ነው፤ በየወሩ 7,600። ተጨማሪው 1,200 ብቻ ስለሆነ ግማሽ ዋጋ መስሎ ታየኝ።

መልስ (የቀድሞ የብድር ሠራተኛ)

በገንዘብ መጠን ግማሽ ነው፤ በወለድ ግን ከ12 ወሩ ይብሳል። 1,200ውን የሚከፍሉት ለ3 ወር፣ ያውም በየወሩ ለሚቀንስ ዕዳ ነው። በዓመት ሲሰላ ከ30 በመቶ ያልፋል። ቢሆንም የበለጠው መቶኛ ሁልጊዜ የከፋው ምርጫ አይደለም፤ ከኪስዎ የሚወጣው 1,200 ከ2,400 ያነሰ ነው። ጥያቄው ያን እፎይታ ለስንት ወር ይፈልጉታል የሚለው ነው። 7,600 በወር መክፈል የሚችል ገቢ ካለዎት፣ በጥሬ ገንዘብ ገዝተው በእነዚያው 3 ወራት ቁጠባዎን መልሰው መሙላትም ይችላሉ። በየወሩ መቆጠብ የሚችሉት 2,000 ብቻ ከሆነ ግን የ3 ወሩን ክፍያ ከዚያው ቁጠባ ነው የሚያወጡት፤ ያኔ ምንም አልተረፈዎትም።

መልስ (ባንኮኒ ጀርባ የቆየ)

ሌላ መንገድም አለ። ግማሹን ዛሬ ልክፈልና ቅናሹን በከፈልኩት ልክ ስጡኝ፣ ቀሪው በወርሃዊው ይሁን በሏቸው። አንዳንድ ሱቅ ይቀበላል፣ አንዳንዱ አበዳሪው አይፈቅድም ይላል። 21,600ውን ስትከፍሉ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ይኸው ቁጥር መጻፉን፣ የዋስትና ወረቀቱም በወርሃዊው ከሚሰጠው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ቅናሹ ደረሰኝ ባለመስጠት የመጣ ከሆነ ከወለድ ጋር አይገናኝም፤ ላፕቶፑ ሲበላሽ የሚይዙት ማስረጃ አይኖርዎትም።

ተጨማሪ (ላፕቶፕ ፈላጊ)

በወር የሚተርፈኝ 3,000 ገደማ ነው፤ 7,600ው አይሆንልኝም። ነገ ደረሰኙን አሳዩኝ ብዬ ከተስማማን በጥሬ ገንዘብ እወስደዋለሁ። ግማሽ በግማሹንም እጠይቃለሁ፤ ምን እንዳሉኝ እጽፋለሁ።

መልስ (የሦስት ልጆች እናት)

እስቲ እነሱ ምን እንደሚሉ። እኔም ለምድጃ እያሰብኩ ነበር።