ለባንክ ኢንተርቪው የትኛውን ሱፍ ልልበስ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ጠዋት የባንክ ኢንተርቪው አለኝ፣ ብድር ክፍል ነው። ሁለት ሱፍ አለኝ። አንዱ ለሚዜነት ያሰፋሁት ጥቁር ነው። ልኬ ነው፣ ግን ጨርቁ ያብለጨልጫል፤ የደረቱ እጥፋትም ሳቲን ነው። ለብሼው መስታወት ፊት ስቆም ሠርግ የምሄድ ነው የምመስለው። ሌላው የወንድሜ ነው፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ የማያብለጨልጭ። ቀለሙን ወድጄዋለሁ። ችግሩ ትከሻው ከኔ ትከሻ አንድ ጣት ያህል ያልፋል። ልብስ ሰፊው እጅጌውንና ወገቡን ነገ አደርስልሃለሁ ብሎኛል። ትከሻውን ግን እጅጌው ተፈትቶ እንደገና መሰፋት ስላለበት እስከ ሐሙስ አይደርስም አለ።

ሸሚዙ ነጭ ይሆናል፣ እሱን ወስኛለሁ። ከረባት ላይ ግን ተቸገርኩ። ደማቁ ቀይ በስልክ ፎቶ ሳነሳው ከፊቴ ቀድሞ ይታያል። ቦርዶው ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ አለው፤ ከሰማያዊው ጋር ረጋ ያለ ይመስለኛል። ጫማዬ ጥቁር ስለሆነ ቡኒ ቀበቶዬን ትቼ ጥቁር እገዛለሁ።

ባንክ የሠራችሁ ወይም ሰው የቀጠራችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ትከሻው ትንሽ የሰፋ ሰማያዊ ይሻላል ወይስ ልኬ የሆነው የሚያብለጨልጭ ጥቁር? ነጠብጣቡስ ይበዛል? ልብስ ሰፊው ጋ የምሄደው ነገ ጠዋት ነው።