የሶሻል ማርኬቲንግ ግብ በሽያጭ ይለካል? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ሞጁል ላይ የሶሻል ማርኬቲንግን ምዕራፍ እየሠራሁ ነው፤ ማለትም ለማኅበረሰቡ ጥቅም ሲባል የሰዎችን ባህሪ በገበያ ዘዴ መለወጥን። ምሳሌዬ «ውሃ አጋር» ነው፤ የቤት ውስጥ የመጠጥ ውሃ ለማከም በድጎማ ዋጋ በየሱቁ ሲሸጥ የነበረው የክሎሪን ፈሳሽ።

ከሩቅ ሲታይ ከሳሙና ሽያጭ አይለይም፤ ብራንድ፣ ጅምላ አከፋፋይ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ አለው። ልዩነቱን ከተፎካካሪው ጀምሬያለሁ። ተፎካካሪው ሌላ ብራንድ ሳይሆን ውሃውን እንዳለ መጠጣት ነው። ዋጋውም ብር ብቻ አይደለም፤ 30 ደቂቃ መጠበቅና የክሎሪኑን ሽታ መልመድ አለ። ሽታውን የጠላ ሰው ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ አይመለስም።

የተቸገርኩት ግቡ ላይ ነው። ለነጋዴ ጠርሙሱ ሲሸጥ ሥራው አለቀ። እዚህ ግን ጠርሙሱ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ሳያሳውቁ ቤት ሄዶ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ፣ ከመጠጥ ውሃው ቀድቶ ቀሪ ክሎሪን መለካትን አሰብኩ፤ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ከተገኘ ቤቱ ውሃውን እንደሚያክም ይቆጠራል።

ችግሩ፣ ድፍርስ ውሃ ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሰዋል። በክረምት፣ ጠዋት በትክክል የጨመረ ቤተሰብ ማታ ቢለካ ምንም ላይገኝበት ይችላል። ይህን ቤት «ባህሪው አልተለወጠም» ብዬ ልመዝግበው? ወይስ የመጨረሻውን አጠቃቀም ሰዓትና መጠን ጠይቄ ከልኬቱ ጎን ለብቻው ልያዘው? ቃል ብቻ ከወሰድኩ ደግሞ ሰዎች ጠያቂውን የሚያስደስት መልስ ይሰጣሉ። እንዲህ ዓይነት ግብ የጻፋችሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን እንዴት አዋቀራችሁት?